ሁለት ቱቦ፦ የአንድ የጎንደር ህፃን የችፌ ጉዳይ

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ጠዋቱ ደረቅና ብርዳም ነው። አንዲት እናት ሰባት ወር የሞላው ወንድ ልጇን አቅፋ ከአዘዞ ወደ ጤና ተቋማችን መጣች። አያቱም አብረው ነበሩ። ህፃኑ የሱፍ ኮፍያ አጥልቋል፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። አናቱ ላይ ቅቤ አለ። እጁ ነፃ በወጣ ቁጥር ጉንጩን ይፈትጋል።

እናትየው ከቦርሳዋ ሁለት ቱቦ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ሙሉ ነው፤ ከአፉ ትንሽ ብቻ ተነክቷል። ሌላው ከታች ወደ ላይ እየተጠቀለለ እስከ መጨረሻው ተጨምቋል።

«ይሄኛው ስቴሮይድ ነው ብለው አስፈራርተውኛል፤ ብዙም አልነካሁት» አለችኝ ሙሉውን እያሳየችኝ። «ይሄኛው ግን ስቴሮይድ የለውም። ሲቀቡት ወዲያው ያጠፋዋል። ካለቀብን በኋላ ነው የባሰበት።»

ሁለቱንም አገላብጬ አነበብኩ። ሙሉው 15 ግራም የሚይዝ የሃይድሮኮርቲዞን 1% ቅባት ነው። ባዶው ላይ በትናንሽ ፊደል ሦስት መድኃኒቶች ተጽፈዋል፦ ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞልና ጄንታማይሲን። ክሎትሪማዞል ለፈንገስ፣ ጄንታማይሲን ለባክቴሪያ ነው። ቤታሜታዞን ግን የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው፤ ያውም ከሃይድሮኮርቲዞን በብዙ የሚበረታ።

የቆዳ ስቴሮይዶች በአቅማቸው ከደካማ እስከ እጅግ ብርቱ በአራት ደረጃ ይከፈላሉ። ሃይድሮኮርቲዞን 1% የሚመደበው ከደካሞቹ ነው። ቤታሜታዞን በተለመደው መጠኑ ከብርቱዎቹ ወገን ነው። ዓመት ያልሞላው ህፃን ብርቱውን የሚጠቀመው የቆዳ ወይም የህፃናት ስፔሻሊስት አይቶ ሲያዝ ብቻ ነው። እዚህ ቤት ግን የተፈራው ደካማው ነው። ብርቱው አራት ሳምንት ሙሉ የህፃኑ ጉንጭ ላይ ተቀብቷል።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ጠየቅኳት። ልጁ የተወለደው ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱን ቆዳው ደህና ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ቆሞ አየሩ ሲደርቅ፣ ጉንጩ ሻከረ። ቀጥሎ ክንዱና ቅልጥሙ። ማታ ማታ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ሃይድሮኮርቲዞን ታዘዘለት። ሁለት ቀን በስሱ ቀባችው፤ ትንሽ ሻል ሲለው ጎረቤት «ቆዳውን ያሳሳዋል» አለቻት፤ አቆመች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። እንደገና ሁለት ቀን ቀባች፤ እንደገና አቆመች። እንዲህ እያለች ታኅሣሥ ገባ። አንዲት ዘመድ «የኔን ልጅ ያዳነው ይሄ ነው» ብላ ያንን ሌላውን ክሬም ከፋርማሲ ገዝታ አመጣችላት። ማዘዣ አልተጠየቀችም።

ህፃኑን አልጋው ላይ አስተኝተን ሙሉ በሙሉ አወለቅነው። የቆዳ ጉዳይ በግማሽ ልብስ አይታይም። ቅልጥሙና የክንዱ ውጭኛ ጎን ጠቆር ብሎ ሻክሯል፤ ትናንሽ እብጠቶች በብዛት ይዳሰሳሉ፤ የጥፍር ጭረትም አለ። መጽሐፍ ላይ «ቀይ» ተብሎ የሚጻፈው በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም። ጠይም ልጅ ላይ ቡናማ፣ ሐምራዊ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅ ይታመናል። መዳፌን ቅልጥሙ ላይ ሳሳርፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነበር፤ ደግሞም ከሌላው ገላው ይሞቃል።

ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ ግን ንጹህ ነበር። ይህ የህፃናት ችፌ መለያ ምልክት ነው። ቦታው እርጥበት ስለማያጣ ችፌ አብዛኛውን ጊዜ ይዘለዋል። መዳፉንና ውስጥ እግሩንም አየሁ፤ ምንም የለም። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው እንዳለ ጠየቅኩ፤ የለም። ይህን የምጠይቀው እከክ እንዳያመልጠኝ ነው። እከክ ህፃናትን መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው ላይ ይወዳል፤ ቤተሰቡንም ያዳርሳል። ህክምናው ፍጹም ሌላ ነው። እከክ ላይ ስቴሮይድ ቢቀባ ማሳከኩ ለጊዜው ይደበቅና በሽታው ይስፋፋል።

ጉንጩ ሌላ ታሪክ ነበረው። ከቀሪው ፊቱ ነጣ ብሎ ያብለጨልጫል። አፉ ዙሪያ ብጉር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ወጥተዋል። ቆዳውን በስሱ ወጠር ሳደርገው ቀጫጭን የደም ስሮች ታዩኝ። ይህ ችፌው ያመጣው አይደለም፤ የብርቱው ክሬም ሥራ ነው። ህፃን ከክብደቱ አንጻር ሲታይ የቆዳው ስፋት ከአዋቂ በጣም ይበልጣል፤ የተቀባውም ወደ ደሙ ይበልጥ ይገባል። ስለዚህ መዘንኩት፤ ስምንት ኪሎ፤ ከእድገት ካርዱ መስመር አልወጣም። ፊቱ አላበጠም፤ ይጠባል፤ ይጫወታል። ቢሆንም በራሴ ብቻ አልወሰንኩም። የህፃናት ሐኪማችንን ጠርቼ አሳየሁት። ብርቱው እንዲቀር፣ በደካማው እንዲተካ፣ ልጁም በየሳምንቱ እንዲመዘን ተስማማን። ብርቱ ስቴሮይድ ለብዙ ሳምንታት በሰፊው የተቀባ ህፃን፣ በተለይ ፊቱ ከከበደ ወይም እድገቱ ከቆመ፣ ሐኪም ሳያየው በድንገት አይቆምበትም።

እናትየው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?» አለች። አይደለሽም አልኳት። የተነገራትን ነው ያደረገችው። ፊት ላይ በደካማው እየተተካ ሲቆም ቆዳው በአብዛኛው ይመለሳል፤ የአራት ሳምንት ጉዳት የዕድሜ ልክ አይደለም።

ከዚያ ስለ ቫዝሊን ጠየቅኳት። «እቀባዋለሁ» አለች። አንድ 50 ግራም ቆርቆሮ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ስጠይቃት «ከጥቅምት ጀምሮ ያው ነው» አለችኝ። ችግሩ ዋናው እዚህ ላይ ነበር።

ችፌ ያለበት ህፃን ቆዳ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ነው። ውሃው ከውስጥ ያመልጣል፤ ከውጭ አቧራው፣ ሳሙናው፣ ጀርሙ ይገባል። ሰውነት ለገባው ነገር ይቆጣል፤ ቁጣው ማሳከክ ነው፤ ሲታከክ ስንጥቁ ይሰፋል። ስቴሮይዱ ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ስንጥቁን አይደፍንም። ስንጥቁን የሚደፍነው ቅባቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን በጣም ጥሩ ነው። ውድ ሎሽን አያስፈልግም። ሎሽን ውሃ ይበዛበታል፤ በጎንደር በጋ ቶሎ ይደርቃል፤ ሽቶ ካለበት ደግሞ ያቃጥላል።

ችፌ ላለባቸው ልጆች በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ የሚል መመሪያ አለ። ይህን ስነግራቸው አያቱ «በሳምንት? አንድ ልጅ?» ብለው ደነገጡ። ስለዚህ በእነሱ ቤት መለኪያ ተነጋገርን። ለዚህ ትንሽ ገላ በአንድ ጊዜ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቫዝሊን፣ በቀን ሦስት ጊዜ። 250 ግራም የሚይዘው ቆርቆሮ በአስር ቀን ገደማ ያልቃል። ካላለቀ እየተቀባ አይደለም ማለት ነው። ከቆርቆሮው በንጹህ ማንኪያ ይወጣል፤ ጣት አይነከርበትም። ጣት ከገባ ጀርሙ አብሮ ይገባና በየቀኑ ህፃኑ ላይ ይመለሳል።

አቀባቡን እዚያው አሳየኋት። ሁለቱን ማንኪያ መዳፌ ላይ አድርጌ አሞቅኩት። በፀጉሩ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረግኩት። እንደ እሽት ወዲያና ወዲህ አይፈተግም፤ መፈተግ ማሳከኩን ይቀሰቅሳል። ጨርሼ ሳየው ገላው ያብረቀርቃል። «እንዲህ ይብዛ?» አለች። አዎ፣ እንዲህ ነው።

ገላ መታጠቡ ላይ አያቱን ማማከር ነበረብኝ፤ ቤት ውስጥ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። «እማማ፣ በምን ያጥቡታል?» አልኳቸው። በሙቅ ውሃና በገላ ሳሙና፤ ከዚያ ቅቤ፤ ከዚያ ፀሐይ። ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲህ ነው ያሳደጉት። ውሃው ለብ ይበል፣ ክንድዎ ሲነካው ሙቀቱም ቅዝቃዜውም አይሰማዎት አልኳቸው። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይበቃል። ሳሙናው ይቅር፤ የቆሸሸውን ውሃ ብቻውን ያነሳዋል። በነጠላ ጠጋ ጠጋ እያደረጉ ማድረቅ፤ ገላው ገና እርጥብ እያለ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቫዝሊኑን መቀባት።

ቅቤው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ቅቤ ምግብ ነው፤ የወተት ፕሮቲን ይዟል። በተላጠ ቆዳ በኩል የሚገባ ምግብ ሰውነቱን ለዚያ ምግብ እንዲቆጣ ሊያስተምረው ይችላል። ሲሰነብት ይበላሻልም። «አናቱስ?» አሉኝ። አናቱ ላይ ቆዳው ደህና ነው፤ እዚያ ላይ አልተጣላሁም። ጉንጩ፣ ክንዱና ቅልጥሙ ላይ ግን አይነካም ብለን ተስማማን።

ቀጥለው ጠበል ሊወስዱት እንዳሰቡ ነገሩኝ። ይውሰዱት አልኩ። ከወጣ በኋላ ግን ቶሎ ጠጋ ጠጋ አድርገው አድርቀው ቫዝሊኑን ይቀቡት፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። እማማ በዚህ ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ለሚቀባው ነገር ሁሉ ዘብ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ሙሉው ቱቦ። እናትየው የምትቀባው በጣቷ ጫፍ ነክታ፣ ያችኑ ለሁለት እግር አዳርሳ ነበር። መጠኑን የምንለካበት ቀላል መንገድ አለ። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው የሚወጣው ቀጭን መስመር ግማሽ ግራም ያህል ነው። ይህ አንድ የጣት መጠን ሁለት የአዋቂ መዳፍ፣ ከነጣቱ ተዘርግቶ፣ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። የእናትየውን መዳፍ የታመመው ቦታ ላይ እያሳረፍን ቆጠርን። ሁለቱ ጉንጮች ተደምረው አንድ መዳፍ። ሁለቱ ክንዶች ሁለት። ሁለቱ እግሮች ሦስት። በድምሩ ስድስት መዳፍ፣ ሦስት የጣት መጠን፣ አንድ ግራም ተኩል በቀን። ይህ ማለት 15 ግራሙ ቱቦ በአስር ቀን ያልቃል። እሷ ጋ ሦስት ወር ቆይቶም ሙሉ ነው።

ያወጣነው እቅድ ይህ ነበር። ሃይድሮኮርቲዞኑ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከታጠበ በኋላ። በሻከረው ቦታ ላይ ብቻ፤ ደህናው ቆዳ ላይ አይቀባም። ጉንጩ ላይ ለአምስት ቀን፣ አፉ ዙሪያንና የዓይኑን ሽፋን ሳይነካ። ክንዱና እግሩ ላይ ቆዳው እስኪለሰልስ፣ ከዚያም ሁለት ቀን ጨምሮ፤ ከ14 ቀን ግን አይለፍ፤ ካልተሻለው ይምጣ። በቫዝሊኑና በመድኃኒቱ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ይታለፋል፤ ሁለቱ ወዲያው ከተደራረቡ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ወደማይፈለግበት ቦታም ይሳባል። ዳይፐሩ ውስጥ ፈጽሞ አይቀባም። ዳይፐር እንደ ክዳን ቆዳውን ስለሚያፍነው የሚገባው መድኃኒት ይበዛል።

የሱፍ ኮፍያውና ብርድ ልብሱ ገላውን በቀጥታ እንዳይነኩት ከስር ጥጥ እንድታለብሰው ነገርኳት። ጥፍሩም ተቆረጠ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ አስጠነቀቅኩ፤ ቫዝሊን የጠጣ ልብስ እሳት ሲነካው ቶሎ ይቀጣጠላል። ቡና ሲፈላ ህፃኑ ከከሰሉና ከሻማው ይራቅ፤ ልብሱም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

በአምስተኛው ቀን ደወለች። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ልጁ ሳይነቃ አድሯል። በአራተኛው ቀን ቆዳው አምሮበት አየችውና ሃይድሮኮርቲዞኑን እግሩ ላይም ተወችው። ስምንተኛው ቀን ላይ ለመመዘን ሲመጣ ቅልጥሙ ተመልሶ ሻክሯል። ተስፋ የሚያስቆርጠው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ ብዙ እናቶች «መድኃኒቱ ለመደው» የሚሉትም እዚህ ላይ ነው። አልለመደውም። ከላይ ያለው ቁጣ ሲበርድ ከስር ያለው ገና ነበር፤ እሳቱ ሳይጠፋ ውሃው ቆመ።

ይህን በቃል ማስረዳት ከበደኝ። ስለዚህ ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኳትና መዳፏን መጀመሪያ የልጁ ሆድ ላይ፣ ከዚያ ቅልጥሙ ላይ አሳረፍኩት። «ሆዱ ሐር ነው፤ ይሄኛው ግን…» ብላ አቆመች። ማቆሚያሽ ይህ ነው አልኳት። ቅልጥሙ እንደ ሆዱ ሲሆን፣ እሱም አለመታከኩን ስታዪ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጨምረሽ አቁሚ። ዓይን ይቸኩላል። ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች።

በሁለተኛው ዙር ለዘጠኝ ቀን ሳታቋርጥ ቀባች። ቆዳው ለሰለሰ። ጉንጩ ላይ የነበሩት ብጉሮች በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፉ፤ የሚያብለጨልጨውም እየደበዘዘ ሄደ። ክብደቱ በካርዱ መስመር ላይ ቀጠለ።

የካቲት ላይ ግን አዲስ ፍርሃት ይዛ መጣች። የሻከረው ቦታ ሲድን ነጣ ያሉ ቦታዎች ቀርተዋል። ሰፈር ውስጥ «ለምጽ ነው፣ ቅባቱ ነው ያመጣው» ተብሏል። በደንብ አየሁት። ዳር ዳሩ ተለይቶ የማይታይ፣ ነጣ ያለ እንጂ እንደ ወተት ያልነጣ ነው። ለምጽ ዳሩ ጥርት ያለ፣ ጭራሽ ቀለም የሌለው ነው። ይህ የተቆጣ ቆዳ ትቶት የሚሄደው ጥላ ነው። በጠይም ልጆች ላይ ነጭም ጥቁርም ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ችፌው ከተያዘ በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ቦታው ለስላሳ ከሆነ ስቴሮይድ አይፈልግም፤ ቫዝሊን ብቻ።

ምግብም ጠየቀችኝ። እንቁላል ትከልክለው? እሷስ ወተት ትተው? በዚህ ልጅ ላይ ምክንያት አላገኘሁም። እንቁላል ቀምሶ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ አላበጠም፣ አላስመለሰውም፣ ሽፍ አላለበትም። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ምግቡ ይቆምና ይመረመራል። ካልታየ ግን ምግብ መከልከል በስድስት ወር የተጀመረውን ተጨማሪ ምግብ ከማጓደል በቀር ችፌውን አያድነውም።

ሲወጡ ሁልጊዜ የምነግራቸው ሁለት የአደጋ ምልክቶች አሉ። አንደኛው፣ ችፌው ውሃ ካዠ፣ ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነው፤ ባክቴሪያ ገብቶበታልና ለዚህ ሌላ ህክምና አለው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ምች ብለን የምንጠራው፣ ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል፣ ሄርፐስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። ችፌ ያለበት ህፃን ላይ ከተጋባ በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል በፍጥነት ይዛመታል። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ትናንሽ፣ ክብ፣ የተቦረቦሩ የሚመስሉ ቁስሎች በአንድ ላይ ተሰብስበው ይወጣሉ፤ ህፃኑ ያተኩሳል፤ በጣም ያመዋል። ይህ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል የሚኬድበት ነው፤ እስከዚያው ስቴሮይድ አይቀባበትም። ዳማከሴ አሽቶ መቀባትም ጊዜ ያባክናል፤ የቆሰለውንም ቆዳ ይለበልበዋል። ይህን ስናገር አያቱ ወዲያው «እንግዲህ ምች የወጣበት ሁሉ ልጄን አይስምም» አሉ። ትክክል ነዎት አልኳቸው።

መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ አገርሽቶበታል። ጥርስ ሊያወጣ ለሀጩ በዝቶ አገጩና ጉንጩ ሻከረ። እናትየው አልደወለችም። ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት አገጩን ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ ለሀጩን ሳትፈትግ በጥጥ ጨርቅ ታነሳዋለች። ሃይድሮኮርቲዞኑን ግማሽ የጣት መጠን ጉንጩ ላይ ለሦስት ቀን ተጠቀመች። መዳፏን ስታሳርፍ ለስልሶ አገኘችው፤ ሁለት ቀን ጨመረችና አቆመች።

ሚያዝያ ላይ ለኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ሲያስተካክሉ ጎራ አሉ። ልጁ በደረቱ እየተሳበ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሊወጣ ይታገላል። ጉንጩ የቀድሞ ቀለሙን ይዟል። እናትየው ቱቦውን አሳየችኝ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጀመረበትንና የቆመበትን ቀን ጽፋለች፤ ከስሩ ደግሞ የተቀባውን መዳፍ ብዛት። አያቱ ከነጠላቸው ስር አዲስ የቫዝሊን ቆርቆሮ አወጡና «ይሄ የትንሣኤ ነው፤ ያለፈው አልቋል» አሉኝ።